ከአርባው በኋላ የሚመጣ ለቅሶ

ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት፣ በሰኔ ወር፣ ሁላችንም አንድ ቅጽ እንድንሞላ ታዘን ነበር። አንዲት የመኝታ ክፍላችን ልጅ «በአደጋ ጊዜ ተጠሪ» ከሚለው መስመር ስትደርስ እጇ እንደለመደው የአባቷን ስም ጻፈ። አባቷ ያረፉት ግን በኅዳር ነው። ስሙን አየችው፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠች፣ ከዚያ እስከ ማታ አለቀሰች። «ያኔ እንኳ እንዲህ አላለቀስኩም፤ ምን ነካኝ? ላብድ ይሆን?» አለችን። እኛም ግራ ገብቶን «እስካሁን? መንፈቁም አለፈ እኮ፣ በቃሽ» አልናት። ነገሩ ሲያሳስበን የሥነ ልቡና መምህራችንን ጠየቅን፣ መጻሕፍትም አገላበጥን። የተናገርነው ስሕተት ሆኖ ስላገኘነው፣ እሷም ስለፈቀደችልን፣ የተረዳነውን እዚህ እንጽፋለን።

ለመሆኑ ሐዘን ለምን ዘግይቶ ይመለሳል? በኅዳር ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። እድሩ ድንኳን ተክሏል፣ ጎረቤት ንፍሮና እንጀራ ያመጣል፣ ዘመድ አብሮ ያድራል። እሷ የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነች ለቀስተኛ ስታስተናግድና እናቷን ስትደግፍ ሰልስቱም አርባውም አለፈ። ከዚያ ወደ ተቋማችን ተመለሰች። እዚህ ግቢ አባቷ ድሮም አልነበሩም። ቁርስ ቤት ስትገባም ሆነ ትምህርት ስትከታተል የጎደለ ነገር አታይም፤ ልቧም አባቷ እንደ ድሮው እቤት ያሉ ያህል ኑሮውን ቀጠለ። በዚህ ግቢ የአባቷ ቦታ ያቺ አንዲት መስመር ነበረች። መስመሯ ላይ ስትደርስ ሞቱን እንደ አዲስ ሰማችው።

ሰው ሞትን አንድ ጊዜ ተረድቶ አይጨርስም ማለት ነው። ወላጅ በሕይወታችን ውስጥ ብዙ ቦታ አለው፤ የበዓል ገበያ፣ የፈተና ውጤት፣ የቡና ሽታ፣ ከኋላ ሲታይ እሱን የሚመስል መንገደኛ። ልብ መጉደሉን የሚያውቀው እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሲደርስ ነው። ሙት ዓመት ሲመጣ ሰው አስቀድሞ ይዘጋጃል። ቅጽ ሲሞላ ግን ማን ይዘጋጃል?

ማርጋሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች በ1999 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባወጡት ጽሑፍ ሐዘንተኛ በሁለት ነገር መካከል እንደሚመላለስ አስረድተዋል። አንድ ጊዜ ወደ ሞቱ ዞሮ ያለቅሳል፣ ይናፍቃል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ፊቱን ወደ ሥራና ወደ አዲሱ ኑሮ ይመልሳል። ጤነኛው መንገድ ይኸው መመላለስ ነው። ስለዚህ ጓደኛችን ከጥር እስከ ግንቦት ስትስቅና ስታጠና መቆየቷ አባቷን መርሳቷ አልነበረም። በሰኔ ማልቀሷም ወደ ኋላ መመለስ አይደለም።

እንግዲህ ጤነኛው የቱ ነው? ሐዘኑ መጥቶ ይሄዳል። ሲመጣ እንደ መጀመሪያው ቀን ሊበረታ ይችላል፤ ግን ያልፋል፣ በመካከሉም ሰው ይበላል፣ ይተኛል፣ ይጫወታል። በጊዜ ብዛት የአንዱና የሌላው ርቀት እየሰፋ ይሄዳል። የሟቹን ድምፅ የሰሙ መምሰል፣ ወይም ስቆ ሲያበቃ «ምነው ሳቅሁ» ብሎ መጸጸት በብዙ ሐዘንተኞች ላይ ይታያል፤ እብደት አይደለም።

የሚያሳስበው መካከሉ ሲጠፋ ነው። በ2022 ዓ.ም. (እ.አ.አ.) የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መመዘኛ፣ አንድ ዐዋቂ ከሞቱ 12 ወር አልፎትም ናፍቆቱ በየቀኑ ለማለት ይቻላል የሚይዘውና ሥራውን የሚያስጥለው ከሆነ ሕክምና ያስፈልገዋል። ለልጆች ገደቡ 6 ወር ነው። «ልሙት፣ ልከተለው» የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ወር አይቆጠርም፤ የዚያኑ ዕለት ብቻውን ሳይተዉ ወደ ጤና ባለሙያ መውሰድ ነው።

ይህን ካወቅን በኋላ «በቃሽ» ማለቱን ተውን። በማግሥቱ ማታ «እስቲ ስለ አባትሽ አጫውችን» አልናት። ቅጽ ሲሞላ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን ይፈልጉ እንደነበር ነገረችን። እሷም ሳቀች፣ እኛም ሳቅን፣ ከዚያም ትንሽ አለቀሰች። ጠዋት አዲስ ቅጽ ጠይቃ በዚያች መስመር ላይ የእናቷን ስም ጻፈች፤ ለልምምድም ከእኛ ጋር ወጣች። በሁለተኛው ሳምንት ስም ስትጠራ የአንድ ተማሪ የአባት ስም የአባቷን ሆኖ አገኘችው። ትንሽ ቆም አለች፤ ከዚያ ስሙን ጠርታ ወደሚቀጥለው አለፈች።