ለፒችትሪ ሥልጠና ከመክፈልዎ በፊት

አዲስ አበባ ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ለመቅጠር የሚወጡ ማስታወቂያዎች ላይ ፒችትሪ የሚለው ስም ይደጋገማል። ሶፍትዌሩ ሴጅ 50 ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም፣ እዚህ የሚታወቀው በድሮ ስሙ ነው። በአካውንቲንግ ተመርቆ ሥራ ያጣ ወጣት የማሠልጠኛ ተቋማትን ደጅ ቢያንኳኳ አይፈረድበትም። የሚያስጨንቀው ያለችውን ጥቂት ጥሪት እዚያ ላይ ያውላት ወይ የሚለው ነው።

መልሱን ከተቋሙ በራሪ ወረቀት ሳይሆን ከሥራ ማስታወቂያዎቹ መፈለግ ይሻላል። በቅርቡ በጋዜጣ፣ በቴሌግራምና በሰሌዳ ላይ የወጡ 20 ያህል ማስታወቂያዎችን ሰብስቦ ማንበብ ከግማሽ ቀን አያልፍም። ፒችትሪ ስንት ቦታ እንደተጠቀሰ መቁጠር ብቻውን ግን ያሳስታል፤ አጠገቡ የተጻፈውንም ማየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ 14ቱ ፒችትሪ ቢጠይቁ፣ ከእነዚያም 11ዱ «የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ» ቢሉ፣ ሠርተፊኬቱ ለጀማሪ የሚጠቅመው ለሦስቱ ብቻ ነው። በቀሩት ማመልከቻውን የሚጥለው የልምድ ማነስ ነው፤ ያንን ደግሞ የትኛውም ሥልጠና አይሞላም።

ቀጥሎ ሒሳቡን እንይ። 12,000 ብር ያላት፣ ለቤት ኪራይ ድርሻዋና ለምግብ በወር 4,000 ብር የምታወጣ አንዲት ተመራቂ እናስብ። ገንዘቡ ሦስት ወር ያቆያታል። የስድስት ሳምንቱ ሥልጠና 5,000 ብር፣ ትራንስፖርቱ ደግሞ 700 ብር ቢሆን፣ የሚተርፋት 6,300 ብር ከአንድ ወር ተኩል ብዙም አይዘልቅም። ሠርተፊኬቷን በተቀበለች ሰሞን ኪሷ ባዶ ይሆናል ማለት ነው፤ የሥራ ፍለጋው ግን ገና መጀመሩ ነው። ስለዚህ እኔ የምመክረው፣ ከሥልጠናው በኋላ ቢያንስ የሁለት ወር መኖሪያ የማይተርፍ ከሆነ እንዳይከፈል ነው። በሁለት ዙር የሚያስከፍል ወይም ቅዳሜና እሑድ የሚያስተምር ተቋም ከተገኘ፣ በአዘቦቱ ቀን ያገኘችውን እየሠራች መማር ስለምትችል ነገሩ ይለወጣል።

ለመክፈል ከተወሰነም አስቀድሞ አንድ ክፍለ ጊዜ ገብቶ መመልከት ተገቢ ነው። ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ኮምፒውተር ከሌለ፣ አብዛኛው ሰዓት የሚያልቀው የሌላውን እጅ በማየት ነው። ሠልጣኙ የአንድ ድርጅትን የወር ደረሰኞች ራሱ መዝግቦ፣ የባንክ ሒሳቡን አስታርቆ፣ የሒሳብ መግለጫ እስከ ማውጣት ይደርስ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቀጣሪ በተግባር ፈተና የሚያየው ይህንኑ ነው። «ሥራ እናስቀጥራለን» ለሚል ተቋም ደግሞ ባለፈው ዙር የተቀጠሩ ሁለት ሠልጣኞችን ስልክ መጠየቅ ነውር የለውም። ስልክ ለመስጠት የሚያንገራግር ከሆነ ተስፋውን ከሒሳብ ማስገባት አያሻም።

ማስታወቂያዎቹ የሚያሳዩት ዋናው ጉድለት ልምድ ከሆነ፣ ገንዘቡን ከመክፈል ይልቅ ለትንንሽ ነጋዴዎች መዝገብ የሚይዙ የሒሳብ ባለሙያ ቢሮዎችን ማነጋገር ይሻላል። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው የግብር ማሳወቂያ ወቅት ደረሰኝ የሚለይና የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋቸዋል። አበሉ ለትራንስፖርት ብቻ የሚበቃ ቢሆን እንኳ፣ ሶፍትዌሩን እዚያው በእውነተኛ ሰነድ እየሠሩ መልመድ ይቻላል፤ ሲጨርሱም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይገኛል።