የሽልማት ሊንክ ወደ እድሩ ግሩፕ ሲገባ

በእድር የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ፣ በለቅሶ መርዶና በወርሃዊ መዋጮ ማስታወሻ መካከል፣ አንዳንዴ እንዲህ የሚል መልእክት ብቅ ይላል፦ «የምሥረታ በዓሉን ምክንያት በማድረግ ለደንበኞቹ 10,000 ብር እየሸለመ ነው። እኔ ደርሶኛል፣ እናንተም ሞክሩ።» ከሥሩ የአንድ የታወቀ ድርጅት አርማና ሊንክ አለ። የላኩት ደግሞ ሁሉም የሚያከብራቸው አባት ናቸው።

የእድሩ ጸሐፊ «አትንኩት፣ ሌባ ነው» ብሎ ቢጽፍ ግማሹ ሰው ይሰማዋል፤ ግማሹ ግን «እሳቸው እንዴት ይዋሻሉ?» ብሎ ይከፍተዋል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ምክንያቱንም መናገር አለበት።

ሊንኩን የከፈተ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ቀላል ጥያቄ ነው፦ ዕድሜዎ ስንት ነው? ድርጅቱን ያውቁታል? ቀጥሎ የተዘጉ ሣጥኖች ይመጡና አንዱን ምረጥ ይባላል። የመጀመሪያው ባዶ ይሆናል፣ ሁለተኛው ላይ ብሩ ይወጣል። ለማንም ሰው እንደዚያው ነው የሚወጣው፤ ገጹ አስቀድሞ የተሠራው እንዲያ ነው። ከዚያ «ሽልማቱን ለመቀበል ለ5 ግሩፕ ያጋሩ» ይላል። መልእክቱ በተከበሩ ሰዎች ስም የሚዞረውም በዚህ ምክንያት ነው። «እኔ ደርሶኛል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የጻፈው ገጹ እንጂ እሳቸው አይደሉም።

ዋናው ወጥመድ መጨረሻ ላይ ነው። ገጹ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቀጥሎም «በቴሌግራም የደረሰዎትን የማረጋገጫ ኮድ ያስገቡ» ይላል። አጭበርባሪው በዚያው ቅጽበት በራሱ ስልክ ላይ ቴሌግራም ከፍቶ የእርስዎን ቁጥር አስገብቷል። ቴሌግራም ኮዱን የላከው ወደ አካውንትዎ ለመግባት ለሚሞክረው ሰው ማረጋገጫ እንዲሆን ነው። ኮዱን ገጹ ላይ ሲጽፉት ለሌባው ቁልፍ ሰጡት ማለት ነው። ስልክዎ እንደወትሮው ይሠራል፤ አዲስ መሣሪያ መግባቱን የሚያሳውቅ አጭር መልእክት ቢመጣም ብዙ ሰው ሳያነበው ያልፈዋል። ከዚያ በኋላ በስምዎ ለወዳጅ ዘመድ «ቸግሮኝ ነው፣ እስከ ማታ 5,000 ብር ላክልኝ» የሚል ይጻፋል። ሌባው የሚፈልገው ይህንን የሰው አመኔታ ነው።

እንግዲህ ጸሐፊው እንዲህ ብሎ ቢጽፍ ይሻላል፦

«የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ ዛሬ ጠዋት ስለ 10,000 ብር ሽልማት የተላከው መልእክት የማጭበርበሪያ ነው፤ ሊንኩን አትክፈቱ። ገጹ ከቴሌግራም የሚመጣውን ኮድ ተቀብሎ አካውንታችሁን ይወስዳል። ያንን ኮድም ሆነ የቴሌብር ፒን ለማንም አትስጡ። መልእክቱን ከግሩፑ አጥፍቼዋለሁ። የላኩልን አባታችን ተታለው ነው፣ ማንም እንዳይወቅሳቸው። ቁጥራችሁንና ኮዱን ያስገባችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ደውሉልኝ።»

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። ጸሐፊው ሊንኩን ደግሞ አልለጠፈውም፤ ለማስጠንቀቅ ብሎ ሊንኩን መልሶ መላክ ላልደረሰው ሁሉ ማድረስ ነው። የላኩትንም ሰው አላሳፈረም፤ ያፈረ ሰው መታለሉን ይደብቃልና።

«ሊንኩ እኮ የድርጅቱ ስም አለበት» የሚል አይጠፋም። እንዲህ ያለውን እንመልከት፦

```
https://ethiotelecom.et.shilimat.example/gift
```

የገጹን ባለቤት ለማወቅ ከ`https://` በኋላ ከሚመጣው የመጀመሪያ `/` በፊት ያለውን፣ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ማንበብ ነው። እዚህ ባለቤቱ `shilimat.example` ነው። ፊት ላይ ያለው `ethiotelecom.et` ማንም ሊለጥፈው የሚችል ጽሑፍ ነው። የቁልፍ ምልክት መኖሩም መልእክቱ በመንገድ ላይ እንደማይነበብ እንጂ የገጹ ባለቤት ሐቀኛ መሆኑን አያሳይም።

ሊንኩን ከፍቶ ምንም ሳይሞላ የዘጋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አካውንቱ አይነካም። ኮዱን የሰጠ ግን መፍጠን አለበት። ቴሌግራም ውስጥ Settings ገብቶ Devices የሚለውን ሲከፍት የገቡትን መሣሪያዎች ዝርዝር ያያል። የማያውቀው ካለ Terminate All Other Sessions የሚለውን ይጫን። አዲስ የገባ መሣሪያ የቆዩትን ወዲያው ማስወጣት ስለማይፈቀድለት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብልጫው የባለቤቱ ነው። ቀን ካለፈ ግን ሌባው ቀድሞ ባለቤቱን ሊያስወጣው ይችላል። ቀጥሎ Two-Step Verification ከፍቶ የይለፍ ቃል ያብጅ፤ ከዚያ ወዲህ ኮዱ ብቻውን አያስገባም።

ገንዘብ ላክ የሚል መልእክት የደረሰው አባል ደግሞ በዚያው በቴሌግራም «እውነት አንተ ነህ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት ሌባው ነው። በመደበኛ ስልክ ጥሪ ደውሎ ድምፁን ይስማ።