ማሽን «ዳባት»ን እንዴት ያነባል?

በስልክ የተነሣ የመጽሐፍ ገጽ ለእኛ ጽሑፍ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን የነጥቦች ክምር ብቻ ነው። ይህን ክምር ወደ ፊደል የሚመልሰው ፕሮግራም ኦ ሲ አር ይባላል። ከነዚህም አንዱ ቴሴራክት ሲሆን፥ ኤች ፒ በተባለው ኩባንያ ከ1985 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ በ2005 ለሕዝብ በነጻ ተለቀቀ፤ አማርኛም ያነባል። ከ2018 ወዲህ መስመሩን በሙሉ አንድ ጊዜ የሚያነብ ስልት ተጨምሮለታል፤ እኔ የምገልጸው ግን የቀድሞዎቹን የኦ ሲ አር ፕሮግራሞች አጠቃላይ አሠራር ነው።

እንግዲህ ባረጀ ገጽ ላይ «ከዳባት ወደ ደባርቅ» የሚል ታትሟል እንበል። እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 (ፍጹም ጥቁር) እስከ 255 (ፍጹም ነጭ) የሚደርስ ቁጥር አለው። የፕሮግራሙ የመጀመሪያ ሥራ አንድ የድንበር ቁጥር መርጦ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ጥቁር፥ ከዚያ በላይ ያለውን ነጭ ማድረግ ነው። ወረቀቱ 200፥ ቀለሙ 60 ቢሆን ድንበሩ 130 ሊሆን ይችላል። ነገር ግን «ባ»ን ከ«በ» የሚለየው ረዝሞ የወረደው የቀኝ እግሩ ነው። የዚያ እግር ጫፍ ደብዝዞ 150 ከሆነ ነጭ ተብሎ ይጠፋል። በመጽሐፉ እጥፋት አጠገብ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ጥላ አርፎበት 110 ይሆንና ባዶው ቦታ ይጠቁራል። ስለዚህ ለየአካባቢው የተለየ ድንበር መምረጥ ይሻላል።

ቀጥሎ በየአግድሙ ያሉት ጥቁር ነጥቦች ይቈጠራሉ፤ ቁጥሩ እጅግ ያነሰበት ቦታ በሁለት መስመሮች መካከል ያለ ክፍተት ነው። ገጹ ዘንበል ብሎ ከተነሣ ክፍተቱ ይሞላል፤ ስለዚህ አስቀድሞ መቃናት አለበት። በቀድሞ መጻሕፍት ቃላትን የሚለዩት ሁለት ነጥቦች (፡) እንደ ቆሻሻ ተቆጥረው ከተጠረጉ ቃላቱ ሊጣበቁ ይችላሉ።

ከዚያም የየፊደሉ ዙሪያ በትንንሽ ቁራጭ መስመሮች ተከፍሎ ፕሮግራሙ አስቀድሞ ከተማራቸው ቅርጾች ጋር ይነጻጸራል። በጣም የቀረበው ይመረጣል፤ የቅርበቱም መጠን ከ0 እስከ 100 በሚደርስ የእርግጠኝነት ቁጥር ይገለጻል። ቀለም ገብቶበት ቀለበቱ የተደፈነ «ቤ» ከ«ቤ»ም ከ«ቢ»ም ጋር ስለሚቀራረብ ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ አራሚው ሰውም ያን አይቶ ቃሉን ይመረምራል።

እግሩን ያጣው «ባ» ግን ሌላ ነገር ነው። በጥቁርና ነጩ ሥዕል ላይ የቀረው ቅርጽ ንጹሕ «በ» ነው፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ «ዳበት» ብሎ ከፍ ያለ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ቁጥሩ የሚለካው የሥዕሉን ከተማሩት ቅርጾች ጋር መቀራረብ እንጂ የወረቀቱን እውነት አይደለም። የቃላት ዝርዝርም ቢጨመር የቦታ ስም በዝርዝሩ ከሌለ አያድነውም። በዚህ ምክንያት ዝቅተኛ ቁጥር ያላቸውን ብቻ የሚያርም ሰው «ዳበት»ን ሳያየው ያልፋል። የቦታና የሰው ስሞችን፥ ቁጥራቸው 95 ቢሆንም እንኳ፥ ከመጀመሪያው ፎቶግራፍ ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት ያስፈልጋል።