ዕድል እያደላለት የከሰረ ተጫዋች

ቪክቶር ሀጋኒና ሪቻርድ ዲዊ በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ሙከራ ለ61 ሰዎች ለእያንዳንዳቸው 25 ዶላር ሰጡ። ጨዋታው ሳንቲም መወርወር ነበር። ሳንቲሟ 60 በመቶ ለ«ዘውድ» እንደምታደላ አስቀድሞ ተነግሯቸዋል። ተሳታፊዎቹ የፋይናንስ ተማሪዎችና ወጣት ባለሙያዎች ነበሩ። እንዲያም ሆኖ 28 በመቶው ገንዘባቸውን ሙልጭ አድርገው ጨረሱ።

ለምን?

ዘውድ ላይ የሚያስይዝ ሰው እያንዳንዱን ውርወራ የመሸነፍ ዕድሉ 40 በመቶ ነው። አምስት ጊዜ በተከታታይ መሸነፍ ከአንድ መነሻ ሲታይ ከመቶ አንድ ያህል ብቻ ስለሆነ ብርቅ ይመስላል። ነገር ግን በተሰጣቸው ግማሽ ሰዓት ውስጥ 300 ጊዜ ያህል መወርወር ይቻል ነበር፤ ሽንፈቱም ከየትኛውም ውርወራ ሊጀምር ይችላል። በ300 ውርወራ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ አምስት ተከታታይ ሽንፈት የመግጠሙ ዕድል ከ80 በመቶ ይበልጣል። ስለዚህ ሲመጣ ሳንቲሟ ተበላሽታለች ማለት አይደለም፤ የሚጠበቅ ነው።

ልዩነቱ ያለው በሚያስይዙት መጠን ነው። ሁልጊዜ ካለው ላይ ግማሹን የሚያስይዝ ሰው ከአምስቱ ሽንፈት በኋላ 25 ዶላሩ ወደ 78 ሳንቲም ይወርድበታል፤ ወደ መነሻው ለመመለስ የቀረውን 32 እጥፍ ማሳደግ አለበት። አሥር በመቶ ብቻ የሚያስይዘው ግን 14 ዶላር ከ76 ሳንቲም ይተርፈዋል። እሱም ለመመለስ 69 በመቶ ማትረፍ ይጠበቅበታል፤ ሆኖም ለ«ዘውድ» በምታደላ ሳንቲም ይህ የሚደረስበት ነው።