«ኪራዩ አልከበደሽም?»

ጓደኛዬ የባልትና ሱቋን የከፈተች ዕለት የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ነበር። መግቢያው ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ጥግ ላይ ቡና ይፈላል፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ሚጥሚጣውና በሶው በግማሽ ኪሎና በአንድ ኪሎ ታሽጎ መደርደሪያው ላይ ተሰድሯል። የኮረሪማው ሽታ ገና ከመንገድ ማዶ ይቀበላል። እሷ አዲስ ሽርጥ አድርጋ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች፤ ዓይኗ ፊቴ ላይ ነው። እኔም ዞር ዞር ብዬ ካየሁ በኋላ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ኪራዩ አልከበደሽም?» ሆነ።

«ይከብዳል እንጂ» ብላ ሳቀችና ቡና ልታስቀዳልኝ ዞረች። ነገሩ በዚያው አለፈ፤ እኔ ግን ማታ ሳብሰለስለው አመሸሁ። አስቤላት ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከደሞዝ ወጥቼ የራሴን ሥራ እጀምራለሁ እያልኩ ሦስት ዓመት አውርቻለሁ። እሷ ሳታወራ ጀመረች። ጥያቄው የመጣው ከዚያ ነው።

አማርኛ ለዚህ ስሜት ሁለት ቃል አለው፤ ቅናትና ምቀኝነት። የቀና ሰው «እኔስ ለምን ቀረሁ?» ይላል፤ የመቀኘው ደግሞ «እሷስ ለምን አገኘች?»። ሰው ሳያፍር «መንፈሳዊ ቅናት ቀናሁ» ሲል እንሰማለን፤ «መንፈሳዊ ምቀኝነት» ያለ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የኔዘርላንድ ሰዎችም ለሁለቱ ስሜቶች የተለያየ ቃል አላቸው። ኒልስ ፋን ደ ፌን የተባለ የዚያው አገር ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት አንደኛው ሰውን ራሱን ከፍ እንዲያደርግ ሲገፋው፣ ሁለተኛው ሌላውን ወደ ታች ለመጎተት እንደሚያነሳሳ አሳይተዋል። የሚኒባስና የጭነት መኪና ሾፌሮቻችን «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብለው ሲለጥፉ ግን ጎታችም ለካ ያስፈልጋል ያሰኛሉ!

ችግሩ ምቀኝነት በስሙ አለመምጣቱ ነው። ወይ አሳቢ መስሎ፣ ወይ ቀልድ መስሎ ነው የሚመጣው። «አሁንማ ሀብታም ሆነሽ ልትረሺን ነው!» «ለመሆኑ ማን አግዞሽ ነው?» «ይሄን እኮ እኔም አስቤው ነበር።» የእኔ ደግሞ አሳቢ መሰለ። ውሉ የተፈረመው ከወር በፊት ነው፤ የስድስት ወር ኪራይም በቅድሚያ ተከፍሏል። ጥያቄዬ ከፊርማው በፊት ቢመጣ ምክር ይባል ነበር። በምረቃው ቀን ሲመጣ ግን መርዶ ነው፤ ሰምታ የምታስተካክለው አንዳች ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከመናገሬ በፊት «ይሄን ሰምታ ዛሬ ምን ልታደርግበት ትችላለች?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ።

በሌላው ጫፍ ደግሞ የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ባልደረባ ነበረች። ገና ከበር እልል ብላ ገባች። «አንቺ እኮ ከተማውን ትቆጣጠሪዋለሽ! በዓመት ውስጥ አምስት ቅርንጫፍ!» አለች። ስልኳን አውጥታ ፎቶ ተነሳች፤ ፈንድሻ ዘገነች፤ ሄደች። አንድም እሽግ አላነሳችም። ጓደኛዬ ፈገግ ብላ ሸኘቻት፤ ፊቷ ላይ የቀረው ግን ደስታ አልነበረም። አንድ ሱቅ ይቆም ይሆን ብላ እንቅልፍ ላጣች ሰው አምስት ቅርንጫፍ ሸክም ነው።

ቀጥለው አንዲት እናት ገቡ፤ የሰፈሩ ሰው ናቸው። ለማሳያ ከተቀመጠው ሰሃን በርበሬ ቆንጠር አድርገው መዳፋቸው ላይ አሹት፤ አሸተቱት፤ በምላሳቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። «ኮረሪማው አልተሰሰተበትም» አሉ። «ግን ጨው አላበዛሽም፤ ጥሩ አደረግሽ፤ ክብደት ብለው ጨው የሚሞሉት አሉ።» ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መረቁ። «ገበያሽ ይድራ፤ እጅሽን ይባርከው፤ ከዓይን ያውጣሽ።» ሁላችንም አሜን አልን። ግማሽ ኪሎ አስመዝነው ሙሉውን ከፍለው ወጡ።

ምርቃትን እንደ ወግ ብቻ ነበር የማየው። ያን ቀን ግን ከሙገሳ በምን እንደሚለይ ገባኝ። ሙገሳ ስለማናውቀው ነገ እርግጠኛ ሆኖ ይናገራል፤ ምርቃት ግን ይመኛል፤ ምኞት ደግሞ ውሸት አይሆንም። ሴትየዋ ስለ ዛሬው የተናገሩት ቀምሰው ያረጋገጡትን ነው፤ የነገውን ለፈጣሪ ተዉት። ጓደኛዬ በርበሬውን ለወር ያህል ስትቀነጥስና ስትደልዝ ከርማ ጨው ላለማብዛቷ የመሰከረላት የመጀመሪያዋ ሰው እሳቸው ሆኑ።

አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሼሊ ጌብልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ትዝ ይለኛል። ፍቅረኛሞችና ባለትዳሮች አንዳቸው የሌላቸውን የምሥራች ሲሰሙ እንዴት እንደሚመልሱ ነበር ያጠኑት። በደስታ ተቀብሎ ዝርዝሩን የሚጠይቅ አለ፤ «ጎሽ፣ ጥሩ ነው» ብሎ ዝም የሚል አለ፤ ጣጣውን የሚቆጥር አለ፤ ወሬ የሚያስቀይርም አለ። ከመልካም ግንኙነት ጋር አብሮ የተገኘው የመጀመሪያው ብቻ ነበር። ቀዝቃዛው «ጎሽ» እንኳ የተመደበው ከሚጎዱት ጋር ነው። ዝርዝር መጠየቅ ማለት ደግሞ የኪራይ ጥያቄ አይደለም፤ «ዛላውን ከየት አመጣሽው?»፣ «መጀመሪያ የገዛሽ ሰው ማን ነው?» ማለት ነው።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ልበል፤ ጓደኛ ሳያውቅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ኪሎ በርበሬ በ900 ብር ትሸጣለች እንበል፤ ዛላው፣ ቅመሙ፣ ማስፈጫው፣ ማሸጊያውና ኪራዩ ሲቀነስ 100 ብር ይተርፋታል። «ለእኛማ ቀንሺ» ብሎ 50 ብር ያስቀነሰ ጓደኛ ለራሱ የወሰደው ትንሽ መስሎታል፤ የትርፏን ግማሽ ግን ወስዷል። አንድ ኪሎ በነፃ ይዞ የወጣ ደግሞ የ800 ብር ወጪ ጥሎባት ሄዷል፤ ያንን ለመመለስ 8 ኪሎ መሸጥ አለባት። አሥር ወዳጅ አንዳንድ ኪሎ በዱቤ ከወሰደ ለቀጣዩ ዛላ መግዣ የሚሆነው 9,000 ብር ሰው እጅ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው። እሷም በይሉኝታ አትጠይቅም። እንኳን ደስ አለሽ ማለት የፈለገ ሰው ዋጋ ጠይቆ ሙሉውን ይክፈል።

ከወር በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ቄጠማው የለም፣ ቡናው የለም፣ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ብቻዋን ተቀምጣለች። አንድ ኪሎ ሽሮ ገዝቼ ከፈልኩና የትኛው ቶሎ እንደሚያልቅ ጠየቅኳት። ሽሮው ነው አለች፤ በርበሬው ግን አንዳንዱ ይፋጃል ብሎ፣ አንዳንዱ አይፋጅም ብሎ እያማረረ ነው።

«አንድ ያየሁት ነገር አለ። አሁን ልንገርሽ ወይስ ይቆይ?» አልኳት።

«ንገረኝ።»

«እሽጉ ላይ የተፈጨበትን ቀን ጽፈሻል፤ እሱን ሌላ ቦታ አላየሁም። የሚፋጅና የማይፋጅ መሆኑ ግን አልተጻፈም። ለልጆች የሚገዛ ሰው በምን ይወቅ?»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ማርከር አንስታ አንዱ እሽግ ላይ «ለዘብ ያለ»፣ ሌላው ላይ «የሚፋጅ» ብላ ጻፈችና ራቅ አድርጋ አየችው።

«ኪራዩ ግን» አለች፣ ማርከሩን እየከደነች፣ «እውነትም ከብዷል።»

በርጩማ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና ስልኬን አወጣሁ። ቀጣዩ የስድስት ወር ኪራይ ከመድረሱ በፊት በቀን ስንት ኪሎ መሸጥ እንዳለባት ማስላት ጀመርን።