ተረትና እውነታ፦ የግንድላ ክምር በፎቶ ሲለካ

የባሕር ዛፍ ግንድላ የሚሸጥ ገበሬና የሚገዛው የእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት ያንኑ አንድ ፎቶ እያዩ የተለያየ ሜትር ኩብ ሊያወጡ ይችላሉ። ሁለቱም አልዋሹም፤ አሰላላቸው ነው የተለያየው። አንድ ክምር ይዘን ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ እንይ። የግንድላዎቹ ርዝመት 4 ሜትር ነው። ከፊት ሲታይ ክምሩ 1.6 ሜትር ይሰፋል፣ 1 ሜትር ይቆማል። 10 ግንድላ 30 ሴንቲ ሜትር፣ 20 ግንድላ ደግሞ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አላቸው። ግርጌና ጫፋቸው ግማሹ ወደዚህ ግማሹ ወደዚያ ተደርጎ ነው የተከመሩት።

ተረት፦ ወርዱን በቁመቱና በርዝመቱ ካባዛን እንጨቱን አገኘን።

እውነታው፦ 1.6 በ1 በ4 ሲባዛ 6.4 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ግን በክብ ግንዶች መካከል ያለውን ባዶ ቦታም ይጨምራል። ትክክለኛው መንገድ የእያንዳንዱን ግንድላ ፊት ለየብቻ ማስላት ነው፤ ውፍረቱን በራሱ አባዝቶ በ0.785 ማባዛት። ባለ 30ው 0.0707፣ ባለ 15ቱ 0.0177 ሜትር ካሬ ገደማ ይሰጣል። የሁሉም ድምር 1.06 ሜትር ካሬ ነው፤ በ4 ሜትር ሲባዛ 4.24 ሜትር ኩብ። ከ6.4ቱ አንድ ሦስተኛው አየር ነበር ማለት ነው።

ተረት፦ አማካይ ውፍረት መውሰድ ሥራውን ያቀላል፣ ውጤቱም ያው ነው።

እውነታው፦ የእነዚህ 30 ግንድላዎች አማካይ ውፍረት 20 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ካሰላን 3.77 ሜትር ኩብ እናገኛለን። ግማሽ ሜትር ኩብ ሊሞላ ትንሽ የቀረው እንጨት ጠፋ፤ የከሰረውም ሻጩ ነው። ውፍረት በራሱ ስለሚባዛ አንድ ወፍራም ግንድላ የአራት ቀጫጭኖችን ያህል እንጨት ይይዛል፤ አማካዩ ይህን ይደብቃል። የግንድላዎቹ ውፍረት በተለያየ ቁጥር ስህተቱም ያድጋል።

ተረት፦ መለኪያ የሚሆነን የአንድ ሜትር በትር ፎቶው ውስጥ እስከገባ ድረስ የትም ቢቆም ግድ የለም።

እውነታው፦ ለመለየት የሚያስቸግረው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ጋ ይመስለኛል። በትሩ ልክ የሚሆነው ከግንድላዎቹ ፊት ጋር ተደግፎ፣ ሳያዘነብል ሲቆም ብቻ ነው። ከክምሩ 4 ሜትር ርቀን ፎቶ ስናነሳ አንድ ሰው በትሩን 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ እኛ ቀረብ አድርጎ ቢይዘው፣ በትሩ ከእውነቱ ረዝሞ ይታያል። ፎቶውን አሳትመን በማስመሪያ እንለካ። በትሩ ወረቀቱ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 3 ሴንቲ ሜትር የሚመስለው ግንድላ 30 ነው እንላለን። በትሩ ቀርቦ ከሆነ ግን ያ ግንድላ 28.5 ሆኖ ይወጣል። አምስት በመቶ የውፍረት ጉድለት ከእንጨቱ ወደ አስር በመቶ ይወስዳል፤ 4.24 የነበረው 3.83 ይሆናል። ዓይን ይህን አያስተውለውም፤ ፎቶው ያማረና ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ በትሩን ክምሩ ላይ አስደግፉት። ካሜራውን ከክምሩ መሀል ትይዩ ያዙ፣ ወደ ጎን አታዘንብሉት፤ ከጎን ከተነሳ የቅርቡ ወገን ይወፍራል፣ የሩቁ ይቀጥናል። ረጅም ክምር ከሆነ ከአንድ ፎቶ ይልቅ በየክፍሉ አንሱት፤ በየፎቶውም በትር ይኑር።

ተረት፦ ፊቱ የሚታየው ግንድላ እስከ ጀርባው ያንኑ ያህል ይወፍራል።

እውነታው፦ ግንድ ወደ ጫፉ ይቀጥናል። ግርጌው 20 ሆኖ ሌላኛው ጫፉ 16 የሆነ ባለ 4 ሜትር ግንድላ 0.10 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል፤ በግርጌው ብቻ ከተሰላ 0.126 ይባላል። የእኛ ክምር ተቀያይሮ በመደርደሩ ስህተቱ በአብዛኛው ይካካሳል። ግርጌው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከሆነ ግን የክምሩን ሁለቱንም ፊት ፎቶ አንሱና አማካያቸውን ውሰዱ። ነጋዴ ወፍራሙን ፊት ብቻ ካሳያችሁ ጀርባውንም ጠይቁ። ቅርፊቱ ይቆጠር አይቆጠር የሚለውንም ከመለካታችሁ በፊት ተስማሙበት፤ ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ቅርፊት ያለው ባለ 20 ግንድላ ቅርፊቱ ሲነሳ 18 ነው፤ እንጨቱም በ19 በመቶ ይቀንሳል።

በመሀል የተቦረቦረን ወይም ከጀርባ በኩል አጥሮ የተቆረጠን ግንድላ ፎቶ ሁልጊዜ አያሳይም። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት አምስት ግንድላ መርጣችሁ ፊታቸውን በኖራ አመልክቱ፣ ውፍረታቸውን በሜትር ለኩ፣ ከፎቶው ልኬት ጋር አስተያዩ። አምስቱም በፎቶው ቀጥነው ከወጡ በትሩ ወደ ፊት ቀርቦ ነበር፤ ፎቶውን እንደገና አንሱ።