አዲሷ የልጆች ነርስ ማን ናት?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ለምሳሌ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ፣ አንድ የሕፃናት ክሊኒክ አዲስ ነርስ ሲቀጥር ለወላጆች አጭር የትውውቅ ጽሑፍ ያወጣል። ፎቶዋ ከላይ አለ፤ ከሥሩ አምስት ስድስት ዐረፍተ ነገር። ብዙ ወላጅ ፎቶውን አይቶ «ደስ ትላለች» ብሎ ያልፈዋል። ልጁ ሲያተኩሰው ደውሎ የሚያገኛት ግን እሷን ነው። ስለዚህ ጽሑፉን ሁለት ደቂቃ ሰጥቶ ማንበብ አይከፋም።

ለምሳሌ ያህል ጽሑፉ እንዲህ ይላል እንበል፦ «አዲሷ ነርሳችን አር ኤን ስትሆን የቢ ኤስ ኤን ዲግሪ አላት። የሲ ፒ ኤን እና የፓልስ ምስክር ወረቀት ይዛለች። አማርኛና እንግሊዝኛ ትናገራለች። በትርፍ ጊዜዋ ኬክ መጋገር ትወዳለች።»

አር ኤን ማለት ፈቃድ ያላት ነርስ ናት። ይህን ለማግኘት ከነርሲንግ ትምህርት ቤት መመረቅና ኤንክሌክስ የሚባለውን አገር አቀፍ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ጎንደር ወይም አዲስ አበባ የተማረችም ብትሆን ማስረጃዋ ተመርምሮ ያንኑ ፈተና ትቀመጣለች። ቢ ኤስ ኤን የአራት ዓመት ዲግሪ ነው። በሁለት ዓመት ፕሮግራም የተመረቀችውም የምትፈተነው በአንድ ዓይነት ፈተና፣ የምታገኘውም አንድ ዓይነት ፈቃድ ስለሆነ፣ ወላጅ በዲግሪው ብቻ ነርስ ከነርስ ባያበላልጥ ይሻላል።

ሲ ፒ ኤን ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል። ይህ በሕፃናት ነርስነት ብቻ የሚሰጥ የሙያ ማረጋገጫ ነው። ለፈተናው ለመቀመጥ ከተለመዱት መንገዶች አንዱ ባለፉት 24 ወራት ውስጥ 1,800 ሰዓት ከልጆች ጋር መሥራትን ይጠይቃል። በሳምንት 36 ሰዓት የምትሠራ ነርስ ይህን ለመሙላት ወደ ሃምሳ ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል። እንግዲህ «አዲስ» የተባለችው ለክሊኒኩ እንጂ ለሙያው አይደለም፤ ሦስቱ ፊደላት ይህን ይናገራሉ። ገና የተመረቀች ነርስ ሲ ፒ ኤን ሊኖራት አይችልም። ባይኖራት ነውር የለውም፤ ብዙ ጊዜ ከጎኗ ልምድ ያላት ነርስ ሆና ታሠለጥናታለች፣ ወላጅም ያንን መጠየቅ ይችላል። ፓልስ ደግሞ ትንፋሹ የተቸገረ ወይም ልቡ የቆመ ልጅ ሲገጥም ምን እንደሚደረግ የሚያስተምር ሥልጠና ነው፤ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል።

ነርስ ፕራክቲሽነር የሚል ከተጻፈ ነገሩ ሌላ ነው። እሷ ከነርስነት በላይ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት የተማረች ናት፤ መርምራ በሽታውን ትለያለች፣ መድኃኒትም ታዝዛለች። አር ኤኗ ግን አታዝዝም። በሌላ በኩል ልጁን ሚዛን ላይ አውጥታ ሙቀቱን የምትለካው ሴት ብዙ ጊዜ ነርስ ሳትሆን የሕክምና ረዳት ናት። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ስለሚለብሱ የእኛ እናቶች ሁሉንም «ሲስተር» ብለው ይጠራሉ። ደረት ላይ ያለችውን ባጅ ማየት ይህን ያጠራዋል።

ጽሑፉ የማይናገረው ነገር ፈቃዱ ዛሬ በሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን ነው። ይህን Nursys.com ላይ ስሟን ጽፎ በነፃ ማየት ይቻላል፤ ፈቃዱ መቼ እንደሚያልቅና የዲሲፕሊን እርምጃ ተወስዶባት እንደሆነ ያሳያል። እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የነርሶችን ፈቃድ የሚጋሩ ስቴቶች ስለሆኑ፣ ቨርጂኒያ የምትኖር ነርስ በቨርጂኒያ ፈቃዷ ሜሪላንድ ውስጥ መሥራት ትችላለች። ስሟ በሜሪላንድ ዝርዝር ውስጥ ጠፋ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም።

«አማርኛ ትናገራለች» የሚለው ዐረፍተ ነገር ወላጅን ከሁሉ በላይ ደስ የሚያሰኘው ነው፤ ደስታውም እውነት ነው። ሆኖም ቋንቋ መናገርና የሕክምና ቃል በትክክል ማስረዳት አንድ አይደሉም፤ የመንግሥት ደንቡም በመካከላቸው ይለያል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እሷ በሌለችበት ቀን የአሥር ዓመት ልጅ ለእናቱ እንዲያስተረጉም ማድረግ፣ አስቸኳይ አደጋ ካልሆነ በቀር፣ የተከለከለ ነው። ወላጅ ቀጠሮ ሲይዝ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ቢል መብቱን ነው የጠየቀው።

የኬኩ ነገርስ? እሱ ለወላጅ ሳይሆን ለልጅ የተጻፈ ነው። ክትባት የሚፈራ የአምስት ዓመት ልጅ ከመርፌው በፊት ስለ ቸኮሌት ኬክ የሚጠይቃት ሰው አገኘ ማለት ነው። ጥሩ ነርስ ይህችን መስመር በዘፈቀደ አትሞላትም።

የሥራዋ ፍሬ ግን በትውውቁ ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ በስልክ ላይ ነው። የሰባት ወር ልጅ አተኩሶታል እንበል። እናት ትደውላለች፣ ነርሷ በመጀመሪያ የምትጠይቀው ክብደቱን ነው። «18» ትላለች እናት። 18 ምን? ፓውንድ ከሆነ ልጁ ስምንት ኪሎ ገደማ ነው፤ ኪሎ ተብሎ ከተያዘ ግን መድኃኒቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ስለዚህ ነርሷ የመጨረሻውን ምዝገባ ታያለች፣ 8.2 ኪሎ። የታይሌኖል መጠን ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው፤ ለዚህ ልጅ ትልቁ መጠን 120 ሚሊግራም አካባቢ ይመጣል።

ቀጥላ «ጠርሙሱ ላይ ምን ይላል?» ትላለች። ይህ ጥያቄ ለእኛ ቤተሰቦች ልዩ ምክንያት አለው። አሜሪካ የሚሸጠው የልጆች ሽሮፕ በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 160 ሚሊግራም ይይዛል። አያት ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጡት የፓራሲታሞል ሽሮፕ ግን ብዙ ጊዜ በ5 ሚሊሊትር 120 ነው። ለ120 ሚሊግራም ከአገር ቤቱ 5 ሚሊሊትር ይሰጣል፤ ከአሜሪካው ግን 3.75 ብቻ። አያት በለመዱት 5 ሚሊሊትር ከአሜሪካው ቢያጠጡ ልጁ 160 ያገኛል፣ ከሚገባው በላይ። አንዴ ቢሆን ላይጎዳው ይችላል፤ በየአራት ሰዓቱ ለቀናት ሲደጋገም ግን ጉበቱን ያሰጋል። የቡና ማንኪያም ለዚህ አይሆንም፣ የያንዳንዱ ቤት ማንኪያ ስፋት ይለያያልና። ነርሷ እናትየዋን መርፌ የሌለውን ሲሪንጅ አንስታ 3.75 መስመር ላይ እስክታደርስ በስልክ ትጠብቃታለች፣ ከዚያም የሰጠችበትን ሰዓት ወረቀት ላይ እንድትጽፍ ታደርጋታለች።

ልጁ ሦስት ወር ያልሞላው ቢሆን ኖሮ ጨዋታው ሁሉ ይቀየር ነበር። በዚያ ዕድሜ በፊንጢጣ የተለካ 38 ዲግሪ (በአሜሪካው መለኪያ 100.4) ከታየ ነርሷ ስለ ሽሮፕ አታወራም። ሙቀቱን የሚያበርድ ነገር ሳይሰጠው ወዲያውኑ እንዲመጣ፣ ክሊኒኩ ከተዘጋም ወደ ድንገተኛ ክፍል እንዲወሰድ ትናገራለች፤ በመንገድ ላይ ሳሉም ዶክተሩን ታሳውቃለች።